የባልደረባን ትርጉም በቼክሊስት መፈተሽ

አይኤስኦ 17100 የተባለው የትርጉም አገልግሎት መስፈርት በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙን ከምንጩ ጋር እያስተያየ የሚያርመው ሰው ከተርጓሚው ሌላ እንዲሆን ያዛል። ተርጓሚው ሊል የፈለገውን ስለሚያውቅ፣ የዘለላትን ቃል በገጹ ላይ ያለች ያህል ያነባታል። አራሚው የሚይዘው ቼክሊስት አራት ጥያቄ አለው፦ የጎደለ አለ? የተጨመረ አለ? አነጋገሩ ለአንባቢው ይመጥናል? ስያሜው እስከ መጨረሻው አንድ ነው?

አራቱን በአንድ ንባብ ለመያዝ መሞከር አያዋጣም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ አካሄድ አለው። አንድ የመድኃኒት መግለጫ እንውሰድ። የውጭ ቋንቋው ምንጭ ቃል በቃል ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «በአንድ ጊዜ 2 ክኒን ይውሰዱ። እንደገና ከመውሰድዎ በፊት ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆዩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ክኒን አይለፉ።» የባልደረባችን ትርጉም ደግሞ፦ «2 ክኒን በየ4 ሰዓቱ ከምግብ በኋላ ውሰድ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እንክብል አይለፉ።»

ጉድለት የሚገኘው ከምንጩ ወደ ትርጉሙ በመሄድ ነው። እዚህ የጠፋችው «ቢያንስ» ናት። በየ4 ሰዓቱ የሚወስድ ሰው በ24 ሰዓት 6 ጊዜ፣ ማለትም 12 ክኒን ይወስዳል፤ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ግን ከ8 እንዳያልፍ ይከለክለዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት እንዲህ ያሉ ትናንሽ ቃላት ናቸው፦ «ብቻ»፣ «ካልሆነ በስተቀር»፣ አፍራሽ «አል-»። ስለዚህ በምንጩ ላይ ቁጥርንና ገደብን አስቀድሞ ማስመር ይጠቅማል።

ጭማሪን ለማግኘት አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ከትርጉሙ ተነስቶ «ይህ ከየት መጣ?» እያሉ ወደ ምንጩ መመለስ። «ከምግብ በኋላ» ምንጩ ላይ የለም፤ ከልማድ የገባ ነው። ለአማርኛ ሰዋስው ሲባል የሚጨመር ግን እንደ ስህተት አይቆጠርም።

አነጋገሩን ሲፈትሹ ምንጩን ዘግቶ ትርጉሙን ብቻ ጮክ ብሎ ማንበብ ይሻላል። «ውሰድ» ብሎ ጀምሮ «አይለፉ» ማለት ለጆሮ ወዲያው ይታወቃል። መግለጫውን ወንዱም ሴቷም፣ ሽማግሌውም ስለሚያነቡት፣ «እርስዎ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጽናት አለበት።

የ«ክኒን» እና የ«እንክብል» መደባለቅ አንባቢውን ሁለት መድኃኒት የታዘዘለት ያስመስለዋል። ወጥነትን በኮምፒውተር መፈለጊያ ማየት ይቻላል፤ አማርኛ ላይ ግን ወጥመድ አለ። «ክኒን» ብሎ የፈለገ «ክኒኑን» እና «ክኒኖች» አያገኝም፣ የመጨረሻዋ ፊደል ተለውጣለችና። «ክኒ» ብሎ መፈለግ ሁሉንም ያወጣል። «ሐኪም» እና «ሀኪም» ደግሞ ለየብቻ መፈለግ አለባቸው።

እርማቱ ሲመለስ እያንዳንዱ ከአራቱ ጥያቄዎች በአንዱ ይሰየማል። በአንዳቸውም ስር የማይገባ ለውጥ ብዙውን ጊዜ የአራሚው ምርጫ ነው፤ እሱን ለተርጓሚው እንደ ሐሳብ ማቅረብ እንጂ ጽሑፉ ላይ መለወጥ አይገባም።