ቦሎቄው ያልበሰለው በጨው ምክንያት አይደለም

«እትዬ፣ ቦሎቄውን ጠዋት ጥጄው እስከ ምሳ ሰዓት ፈላ፤ አሁንም ጥርስ ይሰብራል። ጨው ቀድሜ ስለጨመርኩበት ነው አይደል?»

አይደለም። ጾም በገባ ቁጥር ይህን እሰማለሁ፤ በእውነት ሰልችቶኛል። እዚህ ባሕር ዳር የጾም ምግብ እያበሰልኩ ነው የምተዳደረው፤ ቦሎቄ የማልቀቅልበት ሳምንት የለም። ጨው ቀድሞ ይገባል። እንዲያውም የሚገባው ድስቱ ከመጣዱ በፊት፣ ቦሎቄው ሲዘፈዘፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቦሎቄ ፍሬ በዓይን በማይታዩ ሕዋሶች የተሞላ ነው። ሕዋሶቹን እርስ በርስ የሚያጣብቃቸው ፔክቲን ይባላል። ቦሎቄው በሰለ የምንለው ይህ ማጣበቂያ ሟሙቶ ሕዋሶቹ ሲላቀቁ ነው። ማጣበቂያውን የሚያጠነክሩት ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዚየም ናቸው፤ የፔክቲኑን ክሮች አንዱን ከሌላው ጋር ያስሯቸዋል። የጨው ሶዲየም ሲገባ የእነሱን ቦታ ይወስዳል። ሶዲየም ግን ሁለት ክር አንድ ላይ ማሰር አይችልም። ስለዚህ ማጣበቂያው ይላላል፣ ቶሎ ይሟሟል። ቅርፊቱም ስለሚለሰልስ ፍሬው ሲበስል አይፈነዳም።

ታዲያ ጨው ለምን ተከሰሰ? አንደኛ፣ ጨዋማ ውኃ ወደ ፍሬው የሚገባው ትንሽ ዘግይቶ ነው። ቦሎቄውን ሳይዘፈዝፍ ደረቁን ጨው ያለበት ድስት ውስጥ የሚጨምር ሰው ይህን ያያል። ሁለተኛውና ዋናው ግን ቲማቲም ነው። ብዙ ሰው ጨው የሚጨምረው ከቲማቲሙ ጋር ነው። ቲማቲምና ሎሚ ኮምጣጣ ናቸው፤ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ ፔክቲኑ እንዳይሟሟ ያደርጋል። ጥፋቱ የቲማቲሙ ሆኖ ሳለ የሚወቀሰው ጨው ነው። ቲማቲም የሚገባው ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ሙሉ በሙሉ ከለሰለሰ በኋላ ብቻ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ይህን አላምን አለችኝ። ቦሎቄዋ ክረምቱንም በጋውንም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የተቀመጠ ነበር። ከሱ አንድ ኪሎ ወስጄ ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን በሁለት ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ግማሹን በሁለት ሊትር ውኃ ከሁለት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጋር ዘፈዘፍኩ። ሁለቱም አደሩ። ጠዋት ውኃውን ደፍቼ፣ አለቅልቄ፣ በአዲስ ውኃ በሁለት ድስት ጣድኳቸው። በጨው ያደረው ቀድሞ ለሰለሰ፤ ቅርፊቱም አልተላጠም። በባዶ ውኃ ያደረው ያኔ ገና መሐሉ ዱቄት ዱቄት ይል ነበር። ብዙ ቆይቶ ሲበስልም ግማሹ ፈንድቶ ግማሹ ጠንክሮ ቀረ። ጎረቤቴ ከሁለቱም ድስት በእጇ እያወጣች ቀመሰች። ጨዋማ አለመሆኑም ገርሟታል፤ አብዛኛው ጨው ከተደፋው ውኃ ጋር ስለሚሄድ ነው።

ልኩ ይኸው ነው፤ ለአንድ ሊትር መዘፍዘፊያ አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ቢዘፈዘፍ ይበቃል። ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ከዚያ በላይ ከቆየ አረፋ ያወጣል፣ ይሸታል። በዚያ ወቅት ማታ ዘፍዝፎ ማለዳ መጣድ ነው የሚሻለው።

«ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ይበስላል»

ሁልጊዜ አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጥንካሬ አለ፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

አንዱ ቅርፊቱ ውኃ የማያስገባው ነው። አድሮ ጠዋት ስታዩት እንደ ትናንቱ ትንሽና ያልተጨማደደ ሆኖ ታች ተቀምጧል። ለዚህ የፈላ ውኃ ያስፈልጋል። ሁለት ደቂቃ አፍልቶ፣ ከእሳት አውርዶ፣ ከድኖ አንድ ሰዓት መተው ነው። ከዚያም ያላበጠውን ለቅሞ መጣል ይሻላል።

ሌላው ውኃውን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ግን አይበስልም። ይህ ያረጀው ነው። ጥራጥሬ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ሲከርም፣ በፍሬው ውስጥ በሌላ ነገር ተይዞ የነበረው ካልሲየምና ማግኒዚየም ይለቀቅና ወደ ማጣበቂያው ይሄዳል። የጎረቤቴ ከረጢት የገጠመው ይኸው ነው። የጨው ውኃ በጣም የሚጠቅመው እዚህ ነው።

በደንብ መራሱን ለማወቅ ቅርፊቱን እዩ። መጀመሪያ ይጨማደዳል፤ ውስጡ ሲሞላ ጭምዳዱ ይጠፋል። አንዱን ፍሬ ለሁለት ክፈሉት። መሐሉ ጎድጎድ ያለ ወይም ነጭ ደረቅ ነገር ያለበት ከሆነ ገና ነው። ሚዛን ያለው ሰው ደግሞ ይመዝን፤ አንድ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ በደንብ ሲርስ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል።

ገበያ ላይ ያረጀው ቀለሙ ጠቆር ያለና የደበዘዘ ነው። ነጩ ከሆነ ወደ ቢጫ ይሄዳል። አሮጌና አዲስ የተቀላቀለበትን አትግዙ፤ አዲሱ እስኪፈርስ አሮጌው አይበስልም። የገዛችሁትንም ከምድጃ ርቆ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ በሚገጠም ዕቃ አስቀምጡት።

«እሳቱን ጨምሪበት»

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሰል ብትከምሩበት ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ከዚያ የሚያሳልፈው ፕሬዠር ድስት ብቻ ነው።

«ቤኪንግ ሶዳ ነው መፍትሔው»

ይሠራል፤ ፔክቲኑን በፍጥነት ያሟሟዋል። ነገር ግን ሲበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቪታሚን ቢ1ንም ያጠፋል። እኔ በጣም ላረጀ ቦሎቄ ብቻ፣ ለግማሽ ኪሎ ሩብ የሻይ ማንኪያ እጨምራለሁ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውኃችሁ ራሱ ካልሲየም አለበት፤ እዚያ ቤት ሶዳው ይጠቅማል።

«የተዘፈዘፈበት ውኃ ይቀቀልበት፤ ኃይሉ እዚያ ነው»

ድፉት። ሆድ የሚነፋው ነገር ከፊሉ እዚያ ውስጥ ነው። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በጥሬው የሚመርዝ ነገር አለው። ከውኃው ጋር ከፊሉ ይወጣል፤ የቀረውን የሚያጠፋው በኃይል መፍላት ነው። አንዳንዱ ሰው ከሰሉን አሳንሶ፣ ሳይፈላ ለብ ባለ ውኃ ቀኑን ሙሉ ያቆየዋል። ይህ አደገኛ ነው፤ ጥቂት ፍሬ እንኳ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ስለዚህ ቀዩን መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት እያንተከተካችሁ አፍሉት፤ እሳቱን የምትቀንሱት ከዚያ በኋላ ነው።